ሠዓሊውን በሰማንያ ቃል

ጄፍሪ ስሚዝና ሊሳ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰዓት ይዘው ቆሙ። ሊያውቁ የፈለጉት አንድ ጎብኚ ከአንድ ታላቅ ሥዕል ፊት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነበር። በ2001 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው አማካዩ ቆይታ 27 ሰከንድ ያህል ነው። አማካዩን ከፍ ያደረጉት ግን ረጅም ጊዜ የቆሙ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከተመዘገቡት ቆይታዎች ግማሹ ከ17 ሰከንድ አላለፈም። ከሥዕሉ አጠገብ ያለችውን ካርድ ማንበብም በዚህ ጊዜ ውስጥ ይቆጠራል።

ይህ ቁጥር ለዐውደ ርእይ መግለጫ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ሊያስበው የሚገባ ነው። ሃምሳ ቃል በተረጋጋ ንባብ ሃያ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። መቶ ሃምሳ ቃል በደቃቅ ፊደል ታትሞ ከሥዕሉ ጎን ቢለጠፍ፣ ጎብኚው ወይ ጨርሶ አያነበውም ወይም አንብቦት ሥዕሉን ሳያይ ያልፋል። ሁለቱም ሠዓሊውን ይጎዱታል። ስለዚህ በፖስተር፣ በግድግዳና በካርድ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም። ፖስተሩ መንገደኛውን ወደ አዳራሹ ይጠራል። በመግቢያው ግድግዳ ላይ ያለው የሕይወት ታሪክ ሠዓሊውን ያስተዋውቃል። ካርዷ ደግሞ ዓይንን ወደ ሥዕሉ ትመልሳለች። ችግሩ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ሥራ ሲወስድ ነው።

ነገሩን በአንድ ሠዓሊ እንየው። አንድ የአዲስ አበባ ጋለሪ የእስክንድር ቦጎሲያንን ሥራዎች ሊያሳይ ተሰናድቷል እንበል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ምልክት ከሌላቸው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ይህን ቀድሞ መናገር የግድ የሆነበት ምክንያት ወዲያው ይታያል።

እስክንድር ሐምሌ 22 ቀን 1937 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደ የሚል ጽሑፍ በአንድ ካርድ ላይ ቢወጣ ስሕተት ነው። ጁላይ 22 በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 15 ነው፤ ዓመቱም 1929 ዓ.ም.። የወሩን ስም ተርጉሞ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ መተው በአማርኛ የሕይወት ታሪኮች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ጉድለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁለቱን አቆጣጠሮች በአንድ ቅንፍ ውስጥ መቀላቀል ነው። የልደቱን ዓመት ከቤተሰብ የሰማ ሰው 1929 ብሎ ይጽፋል፤ የሞቱን ዓመት ከአሜሪካ ጋዜጣ ያገኘው ደግሞ 2003 ይላል። ቅንፉ «1929–2003» ይሆንና በ65 ዓመቱ ያረፈው ሰው 74 ዓመት የኖረ ይመስላል። በአንድ አቆጣጠር ሲጻፍ 1929–1995 ዓ.ም. ወይም 1937–2003 እ.ኤ.አ. ነው።

በሥዕሉ ዓመት ላይ ደግሞ ስሕተቱ ሰውየውን ከአህጉር አህጉር ያሻግረዋል። ከእስክንድር ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ዛሬ በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የእንግሊዝኛ ርእሱን ወደ አማርኛ ብናመጣው «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ» ልንለው እንችላለን። የተሠራው በ1964 እስክንድር ፓሪስ ሳለ ነው። አንድ ጸሐፊ «1964» የሚለውን አይቶ ሳያስብ «በ1964 ዓ.ም.» ቢል፣ ሥዕሉን ከመስከረም 1971 በኋላ ወዳለው ዘመን ይወስደዋል። በዚያን ጊዜ እስክንድር ፓሪስን ለቆ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ አስተምሮ፣ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ ነበር። በሁለት ፊደል ምክንያት አንድ የፓሪስ ሥዕል የአሜሪካ ሥዕል ይሆናል፤ ካርዱን አምኖ የሚጽፍ ተማሪም ስለ ሠዓሊው እድገት የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

ይህን ስሕተት ለመያዝ ትልቅ ምርምር አያስፈልግም፤ ዕድሜ መቁጠር ይበቃል። በእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ በእርሳስ የሠዓሊው ዕድሜ ይጻፍ። በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሲሄድ አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት፣ በ1964 ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት። ቁጥሩ ሲዘል፣ ሰውየው በአሥር ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም ከሞተ በኋላ ሲስል ከታየ፣ አንዱ ዓመት ከሌላው አቆጣጠር የመጣ ነው ማለት ነው።

ወሩ የማይታወቅ ዓመት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1964 የሚለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን ማለቂያ በፊት 1956፣ ከዚያ በኋላ 1957 ነው። ሥዕሉ በየትኛው ወር እንዳለቀ ካልታወቀ «1956/57 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ እንጂ ስምንት ቀንሶ በእርግጠኝነት ማስቀመጥ ትክክል አይሆንም። ሠዓሊው ራሱ በሸራው ላይ ዓመት ጽፎ ከሆነ ደግሞ እርሱ የጻፈው ይከበራል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በግዕዝ ቁጥር የፈረመን ሠዓሊ ዓመት ቀይሮ በፈረንጅ ማቅረብ ተመልካቹ ከፊርማው ጋር እንዳያስተያየው ያደርጋል። ለአንድ ዐውደ ርእይ አንድ አቆጣጠር ተመርጦ በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ይነገር። ሁለቱም ይውጡ ከተባለም በሁሉም ካርዶች ላይ ሁለቱም ይውጡ።

ዓመቱ ከተስተካከለ የካርዷ የላይኛው ክፍል ቀላል ይሆናል። በዓለም ሙዚየሞች የተለመደው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦

እስክንድር ቦጎሲያን
ኢትዮጵያዊ፣ 1937–2003 እ.ኤ.አ.
የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ፣ 1964 እ.ኤ.አ.
የዘይት ቀለም በሸራ ላይ፣ ከኮላጅ ጋር
143.8 × 159.1 ሴ.ሜ
የኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም

ስሙ መጀመሪያ የሚመጣው ጎብኚው በመጀመሪያ የሚፈልገው እርሱን ስለሆነ ነው። ርእሱ ከስሙ በተለየ ፊደል፣ በደማቅ ወይም በተለየ መጠን ይታተማል። ዋናው ርእስ በሌላ ቋንቋ ከሆነና ሠዓሊው ራሱ የአማርኛ ርእስ ካልሰጠው፣ ትርጉሙ የአዘጋጁ መሆኑ በዐውደ ርእዩ መግቢያ ሊገለጽ ይገባል። የመጨረሻው መስመር ሥራው የማን እንደሆነ ይናገራል። ከግል ስብስብ የተዋሰ ከሆነ አበዳሪው ስሙ እንዲወጣ ይፈልግ ወይም አይፈልግ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ካልፈለገ «የግል ስብስብ» ማለት በቂ ነው።

በልኬቱ ላይ ቁመት ይቀድማል፤ ወርድ ይከተላል። ቅርጻ ቅርጽ ከሆነ ጥልቀቱ ሦስተኛ ይሆናል። የእስክንድር ሥዕል ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቁጥር ነው የሚበልጠው። ቁጥሮቹ ተገላብጠው ቢታተሙ፣ ጎብኚው የተጋደመ ሥዕል እያየ ስለ ቆመ ሥዕል ያነባል። የሚለካው ሥዕሉ ነው፤ ክፈፉ ከተለካ «ከነክፈፉ» ተብሎ ይጻፋል።

ብዙ ካርዶች የሚደክሙት በቁሱ መስመር ላይ ነው። «ሚክስድ ሚዲያ» የሚል ቃል በአዲስ አበባ ጋለሪዎች ሁሉ ተሰራጭቷል። ይህ ቃል ተመልካቹ ቀድሞ በዓይኑ ካየው የበለጠ ምንም አይነግረውም። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ ስለያዘው የእስክንድር «የጁጁ ሠርግ» የጻፈውን ብናይ ልዩነቱ ይገባናል፦ ቴምፐራና ብረታማ ቀለም፣ በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ። ይህን ያነበበ ሰው ወደ ሥዕሉ ተመልሶ የተቆረጠው የት እንደሆነ፣ የተቀደደውስ ጠርዝ የቱ እንደሆነ ይፈልጋል። ኤልያስ ስሜ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከኮምፒውተር ክፍሎች ለሚሠራቸው ሰፋፊ ሥራዎችም እንዲሁ ነው። «ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች፣ በእንጨት ላይ» የሚለው መስመር ከሩቅ የመሬት ገጽታ ወይም ጥልፍ የመሰለውን ነገር ቀርበን እንድናይ ያደርገናል። ሠዓሊው በሕይወት ካለ «ምን ምን ተጠቀምክ?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይወስድም። ከሌለም «ቅይጥ ቁስ» ከማለት በዓይን የሚታየውን መዘርዘር ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ካርዷ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ልትይዝ ትችላለች። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ትላልቅ ሙዚየሞች ለአንድ ሥራ ስድሳ ቃል ያህል ይፈቅዳሉ። በአማርኛ ግን አንዱ ግስ አድራጊውንም ተደራጊውንም አሉታውንም በአንድ ላይ ስለሚሸከም ያው ሐሳብ በአርባ ወይም በአርባ አምስት ቃል ያልቃል። ስድሳ የአማርኛ ቃል ለቆመ ሰው ብዙ ነው።

በእነዚህ አርባ ቃላት ምን ይባል? ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦ «ይህ ድንቅ ሥራ የሰው ልጅ በሕይወት ጉዞው የሚገጥመውን ውጣ ውረድ፣ ተስፋና ስጋት በጥልቀት የሚያሳይ ሲሆን ሠዓሊው የቀለም አጠቃቀም ብቃቱን ያስመሰከረበት ነው።» ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከየትኛውም ሥዕል አጠገብ ሊለጠፍ ይችላል፤ ይህ ነው በደሉ። ተመልካቹ ምን እንደሚሰማው ይነግረዋል፤ የት እንደሚያይ ግን አይነግረውም።

ሌላውን እንሞክር፦ «እስክንድር ይህን ሲሠራ በፓሪስ ይኖር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። በጨለማው ውስጥ ክንፍ ያላቸው ፍጡራን ይንሳፈፋሉ። ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ስፍራ በብሩሽ የተቀባ ሳይሆን የተለጠፈ ነው። በኢትዮጵያ የክታብ ጥቅልሎች ላይ የሚታዩት ዓይኖችና ጠልሰሞች በሥራዎቹ ውስጥ ደጋግመው ይመለሳሉ።» ይህ ከአርባ ቃል አያልፍም። በመጀመሪያ ሥዕሉን በጊዜና በቦታ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ በዓይን ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ያሳያል፤ በመጨረሻ የአማርኛ አንባቢ ከቤቱ የሚያውቀውን ነገር ያገናኛል። ክታብ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ማብራራት አያስፈልግም። ከጎኑ ያለው የእንግሊዝኛ ካርድ ግን ለበሽታና ለመናፍስት መከላከያ በብራና የሚጻፍ ጥቅልል መሆኑን ሊናገር ይገባዋል። ሁለቱ ካርዶች አንዱ የሌላው ትርጉም መሆን የለባቸውም፤ እውነታቸው አንድ፣ አንባቢያቸው ግን የተለያየ ነው።

ማብራሪያ የማይፈልግ ሥዕል እንዳለም መታወቅ አለበት። ሠላሳ ሥዕል ባለበት አዳራሽ ሠላሳ ማብራሪያ ሲኖር ጎብኚው ከአምስተኛው በኋላ ማንበብ ያቆማል። ለስምንት ወይም ለአሥር ሥራዎች ብቻ መጻፍና የቀሩትን በስም፣ በዓመትና በቁስ መተው ለተጻፉትም ክብር ይሰጣል።

አሁን ወደ መግቢያው ግድግዳ እንመለስ። የሠዓሊው አጭር የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሠዓሊው ለሥራ ማመልከቻ ካዘጋጀው ወረቀት ነው። በዚያ ላይ የተካፈለባቸው ዐውደ ርእዮች፣ ሥልጠናዎችና የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ተደርድረዋል። ለግድግዳ የሚሆነው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነው። የሚመረጥበት መስፈርትም አንድ ነው፦ ይህ እውነታ በክፍሉ ውስጥ የተሰቀለውን ነገር እንድናይ ይረዳናል ወይ?

ስለ እስክንድር «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለሥዕል ልዩ ፍቅር የነበረው፣ በአገር ውስጥና በውጭ በርካታ ዐውደ ርእዮችን ያቀረበ፣ ብዙ ሽልማቶችን ያገኘ ዕውቅ ሠዓሊ» ተብሎ ቢጻፍ ስሙን አውጥተን የሌላ ሠዓሊ ስም ብናስገባ ዓረፍተ ነገሩ ሳይፈርስ ይቆማል። ጥሩ የሕይወት ታሪክ ስም ሲለወጥበት ሐሰት መሆን አለበት። በሰማንያ ቃል አካባቢ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 በአዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 በትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ገብቶ እስከ 1966 ድረስ በዚያ ኖረ፣ ተማረ፣ አስተማረም። የፓሪስ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1963 ሥራውን ገዛ፤ የኒውዮርኩ ሞማም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 ድረስ ትውልድ ሠዓልያንን አፈራ። በ2003 በዋሽንግተን አረፈ። በዚህ ክፍል ያሉት ሥዕሎች የፓሪስ ዘመኑ ናቸው።»

በዚህ ውስጥ «ታላቅ» ወይም «ዕውቅ» የሚል ቃል የለም። ሁለት ሙዚየሞች ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሥራውን መግዛታቸው ከቃሉ ይበልጥ ይናገራል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንባቢውን ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ክፍሉ ይልከዋል። ዐውደ ርእዩ በዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይ የሠራቸውን የኋለኛ ዘመን ሥራዎች የሚያሳይ ቢሆን ኖሮ የፓሪሱ ክፍል አጥሮ የሃዋርዱ ይረዝም ነበር። አንድ ሠዓሊ አንድ የሕይወት ታሪክ ብቻ የለውም፤ በየዐውደ ርእዩ እንደ አዲስ ይጻፋል።

ገብረክርስቶስ ደስታን ብንወስድ ይህ ይበልጥ ይታያል። ሠዓሊም ባለቅኔም ነበር፤ ብዙ አማርኛ አንባቢ ከሥዕሉ በፊት ግጥሙን ነው የሚያውቀው። በሥዕል አዳራሽ ግድግዳ ላይ ግጥሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር መነሣት አለበት፤ ጎብኚው «ያው ሰውዬ ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ። ከዚያ በኋላ ግን ቦታው ሐረር መወለዱን፣ በጀርመን ኮሎኝ መማሩን፣ ከዚያም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማሩን ለመናገር ያስፈልጋል፤ በሥዕሎቹ ላይ የሚታየው ነገር ከዚያ ነውና። በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ከአገሩ ርቆ ማረፉም መውጣት ይገባዋል።

በስም አጠራር ላይ የውጭ አገር አዘጋጆች በተደጋጋሚ ይሳሳታሉ፤ የእኛም ተርጓሚዎች ይከተሏቸዋል። በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ «ደስታ በ1963 ጎልጎታን ሠራ» የሚል ዓይነት አጻጻፍ ይታያል። ደስታ አባቱ ናቸው። በአማርኛ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ «ገብረክርስቶስ» ነው የሚባለው፤ በእንግሊዝኛም እንዲሁ እንዲሆን አዘጋጁን መጠየቅ መብት ነው። ቦጎሲያን ግን ከአርመን የዘር ሐረግ የመጣ የቤተሰብ ስም ነው፤ የአሜሪካዋ ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱም ምሕረቱን እንደ ቤተሰብ ስም ትጠቀምበታለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በየራሱ አጠራር መሄድ እንጂ አንድ ሕግ ለሁሉም አይሠራም።

ማዕረግም የራሱ ቦታ አለው። አፈወርቅ ተክሌ በሕይወት ሳሉ ስማቸው ሲጠራ «የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት» የሚለው ይቀድም ነበር፤ ይህ ያገኙት ክብር ነው። በፖስተር ላይ ግን ማዕረጉ ከስሙ እኩል በሆነ ፊደል ከታተመ ከመኪና የሚያይ ሰው ስሙን ሳይደርስበት ያልፋል። ማዕረጉ በትንሽ ፊደል ከላይ፣ ስሙ በትልቁ ከሥር ቢሆን ክብሩም ንባቡም ይጠበቃል። አንቱታውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። በመግቢያው «ተወለዱ» ተብሎ በካርዱ «ሠራ» ከተባለ ሁለት ሰዎች የጻፉት መሆኑ ያስታውቃል። ለአንድ ዐውደ ርእይ በተለይ የብዙ ሠዓልያን ከሆነ፣ ለሁሉም አንድ አጠራር መምረጥ ማንም ከማንም አንሶ እንዳይታይ ያደርጋል።

ፖስተሩ ከሁሉም ያነሰ ቃል የሚፈልግ፣ ከሁሉም የበለጠ ቃል የሚጫንበት ነው። የሠዓሊው ስም፣ የዐውደ ርእዩ ርእስ፣ ቦታው፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን፣ የመክፈቻው ሰዓት፤ ይህ በቂ ነው። የሕይወት ታሪክ ካስፈለገ አንድ መስመር፦ «ከአዲስ አበባ እስከ ፓሪስ፣ የ1960ዎቹ ሥዕሎች»። የስፖንሰሮች ምልክት ከታች ይሰለፋል።

ሰዓቱ ላይ ያለው ወጥመድ የታወቀ ነው፤ ግን አሁንም ሰው ይጥላል። በእንግሊዝኛው በኩል 5:00 ተብሎ የተጻፈው በአማርኛው «ከቀኑ 11 ሰዓት» ነው። ፖስተሩ ለዋሽንግተን ወይም ለቴል አቪቭ ኢትዮጵያውያን ከሆነ ችግሩ ይጠናከራል፤ እዚያ ያለ አማርኛ አንባቢ አንዱ በአገሩ ሰዓት፣ ሌላው በሚኖርበት አገር ሰዓት ያነበዋል። «ከምሽቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከሰዓት በኋላ» የሚሉትን ሳይተዉ መጻፍና፣ ውጭ አገር ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጨመር ባዶ አዳራሽን ይከላከላል።

በፖስተሩ ላይ የሚታተመው ሥዕል ራሱ መግለጫ ያስፈልገዋል። በጠርዙ በትንሽ ፊደል የሥዕሉ ርእስና ዓመት፣ የፎቶ አንሺውም ስም ይወጣል። ሥዕሉ ለፖስተሩ ቅርጽ ተቆርጦ ከሆነ «በከፊል» የሚል ቃል ይጨመራል፤ ያለዚያ ሠዓሊው እንዲህ አድርጎ የሠራው ይመስላል። በፊቱ ላይ ፊደል መደረቡ ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለሃምሳ ዓመት ይጠበቃል። የእስክንድር ሥራዎች እንግዲህ ገና ባለመብት አላቸው። ሥዕሉን የገዛ ሰው ሸራውን ነው የገዛው፤ በፖስተር የማባዛቱ ፈቃድ ከወራሾቹ ይጠየቃል። የአዋጁ ቁጥር በእንግሊዝኛ ሰነዶች 410/2004 ተብሎ እንደሚገኝ መታወቁም ይጠቅማል፤ እዚህም የአቆጣጠሩ ልዩነት ነው።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ነው። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም ለሙዚየሞች ያወጣው መመሪያ የግድግዳ ጽሑፍ ከወለሉ ከ122 እስከ 170 ሳንቲ ሜትር ባለው ከፍታ መካከል እንዲሆን ይመክራል፤ ቆሞ የሚያይም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለም እንዲያነበው። ፊደሉ ለካርድ ከ18 ነጥብ ማነስ የለበትም። ለአማርኛ ከዚያ ከፍ ማድረግ የተሻለ ነው፤ የእኛ ፊደላት የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ «ሉ»ና «ሊ»፣ «ቡ»ና «ቢ» በደቃቅ ኅትመት ከአንድ ሜትር ርቀት አይለዩም። ወረቀቱ የማያንጸባርቅ ይሁን። ካርዱ ከሥዕሉ በስተቀኝ በታች ሲሰቀል፣ መብራቱ ከጀርባ ከመጣ የአንባቢው ጥላ ጽሑፉ ላይ እንዳይወድቅ ቆሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንዱ ካርድ በትክክለኛ መጠኑ ታትሞ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ሰውና አንድ ስለ ሥዕል ምንም የማያውቅ ወጣት ያንብቡት። ጮክ ብሎ ማንበቡ በተለይ ይጠቅማል፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይቆረጣል። ከዚያ ሠዓሊው ራሱ፣ ከሌለም ቤተሰቡ፣ ስሙን፣ ዓመቱንና የትውልድ ቦታውን አይተው ይፈርሙ። ከተሰቀለ በኋላ በወረፋ እየጠበቁ ካሉ እንግዶች ፊት ካርድ መቀየር ለአዘጋጁም ለሠዓሊውም ከባድ ነው።

የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሆን የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ያኔ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ተብሎ የተሠራበት አካባቢና ክፍለ ዘመን ይጻፋል። የዘመኑ ሥዕሎች ግን እንዲህ መሆን የለባቸውም። ሠዓልያን፣ ሥዕል ከእጃችሁ ሳይወጣ በጀርባው ባለው እንጨት ላይ በእርሳስ ስማችሁን፣ ርእሱን፣ የተጠቀማችሁበትን ቁስና ዓመቱን ጻፉ፤ ከዓመቱም አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ። የሠዓሊ ቤተሰብ የሆናችሁም ያወቀው ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ መዝግቡ።